የሕክምና ጥናትን ሐኪም ላልሆነ አንባቢ በአጭሩ መጻፍ፦ ደረጃ በደረጃ

በጥናት ለተሳተፉ ሰዎች ውጤቱን በሚገባቸው ቋንቋ ጻፉላቸው ስትባሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ያለችው አጭር መግለጫ ወደ አማርኛ ትመለሳለች፣ አስቸጋሪዎቹ ቃላት ከመዝገበ ቃላት በተገኙ ይተካሉ፣ ሥራውም አለቀ ይባላል። እኔ በሰሜን ሸዋ በምሠራበት አካባቢ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ደጋግመው እጄ ገብተዋል። የጤና ትምህርት ያልተማረ ሰው አንብቦ ከእነሱ የሚያገኘው ነገር የለም። ከዚህ የከፋው ደግሞ የተሳሳተ ነገር ይዞ የሚሄድበት ጊዜ ነው።

ይህ መመሪያ አንድ ጥናት ይዞ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ጥናቱ ጎልቤት በሚል አጭር ስም የሚታወቀው፣ በምሥራቅ ጎጃም የተደረገው የዝሆኔ እግር ጥናት ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ኸልዝ በተባለው መጽሔት ወጥቷል። የመረጥኩት ጉዳዩ ስለ እግር፣ ስለ ውሃና ስለ ጫማ በመሆኑ ቀላል ስለሚመስል ነው። ስሕተት የሚበዛውም እንዲህ ቀላል በሚመስለው ላይ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሦስት ነገሮች ጠረጴዛችሁ ላይ ይኑሩ።

ሙሉው የጥናት ጽሑፍ። አጭር መግለጫዋ ብቻ አትበቃም፤ የጥናቱ ድክመት የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ነው።

ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የተመዘገበበት ዕቅድ። አጥኚዎቹ አስቀድመው "ዋና ጥያቄያችን ይህ ነው" ያሉት እዚያ ላይ ይገኛል። በኋላ በጽሑፉ ጎልቶ የወጣው ውጤት ሌላ ከሆነ ማወቅ ይኖርባችኋል።

የአንድ አንባቢ ስም። "ለኅብረተሰቡ" ብላችሁ አትጻፉ። የምታውቁትን አንድ ሰው ምረጡ፤ አማርኛ አቀላጥፎ የሚያነብ፣ ግን ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሲታመም ብቻ የሆነ ሰው። እኔ የምጽፈው ለአክስቴ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ፊቷ ላይ የሚመጣውን አስባለሁ።

ደረጃ 1፦ አንዱን ጥያቄ አውጡ

1. ጽሑፉን አንድ ጊዜ ምንም ሳትጽፉ አንብቡ።
2. ሁለተኛ ስታነቡ ለአምስት ጥያቄዎች ብቻ መልስ ፈልጉ፦ ምን ሊያውቁ ፈለጉ? በማን ላይ? ምን አደረጉ? ምን አገኙ? ምኑ እርግጠኛ አይደለም?
3. ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ የገጹን ቁጥር ጻፉ። በኋላ አጥኚው "ይህን ከየት አመጣችሁት?" ሲላችሁ የሚያድናችሁ ይህ ነው።
4. የመጀመሪያውን መልስ በአንድ የጥያቄ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ።

ለጎልቤት ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦ ዝሆኔ ያለበት ሰው እግሩን በሥርዓት ቢንከባከብ ሕመሙ የሚነሣበት ጊዜ ይቀንሳል ወይ?

ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልገባ ካላችሁ ምናልባት ሁለት ውጤቶችን አንድ ላይ እያሰራችሁ ነው። ወደ ተመዘገበው ዕቅድ ተመለሱና ዋና የተባለውን ብቻ ያዙ። የቀሩት ቦታ ካገኙ ወደ መጨረሻ ይገባሉ፤ ካላገኙ ይቅሩ።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን ከቃላቱ በፊት ሥሩ

አብዛኞቻችን መጻፍ ጀምረን ቁጥር ጋ ስንደርስ እንዳለ እንገለብጠዋለን። መጀመሪያ ቁጥሩን በሌላ ወረቀት ላይ ሥሩት።

በጎልቤት 696 ሰዎች ተሳትፈዋል። 350ዎቹ እንክብካቤውን ወዲያው ጀመሩ፤ 346ቱ ደግሞ ከ12 ወር በኋላ። በዚያ ዓመት ወዲያው የጀመሩት በአማካይ አንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ ሕመሙ ተነሣበት። ገና ያልጀመሩት ደግሞ 23.9 ጊዜ። ልዩነቱ 4.5 ጊዜ ነው። ጽሑፉ ይህንኑ 0.81 በሚል ንጽጽርም ያቀርበዋል፤ በመቶኛ ሲነገር 19 በመቶ ቅናሽ ማለት ነው።

አሁን ወጥመዱን ተመልከቱ። "በ19 በመቶ ቀንሶ 19 ጊዜ ሆነ" ብላችሁ ብትጽፉ ስሌቱ ስሕተት የለበትም፤ አድማጩ ግን ሁለት ጊዜ 19 ሰምቶ አንዱን ከሌላው ይቀላቅላል። መቶኛው ብቻውን ሲነገርም ሌላ ጣጣ አለ። "19 በመቶ" ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው "ከመቶ ሰው 19ኙ ዳነ" ነው። በጥናቱ የዳነ ሰው አልተቆጠረም፤ የተቆጠረው ሕመሙ የተነሣበት ጊዜ ብዛት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ መቶኛውን ጣሉት።

ነጥብ ያለውን ቁጥር ስታጠጋጉም ተጠንቀቁ። 23.9ን 24፣ 19.4ን 19 ብትሉ አንባቢ ቀንሶ 5 ያገኛል፤ እናንተ ደግሞ ዝቅ ብላችሁ 4.5 ብላችኋል። አንባቢ አይቀንስም ብላችሁ አታስቡ፤ በተለይ ነጋዴ ከሆነ ይቀንሳል። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ "ከ19 ጊዜ ትንሽ በላይ"፣ "24 ጊዜ ያህል"፣ "ልዩነቱ በዓመት 4 ወይም 5 ጊዜ ነው።" ይህ አባባል አጥኚዎቹ ልዩነቱ ከ3.9 እስከ 5.1 ባለው መካከል ነው ካሉት ጋርም ይስማማል፤ የእርግጠኝነቱን ወሰን ለብቻው ለማስረዳት ሌላ አንቀጽ አያስፈልግም።

*ማስጠንቀቂያ፦* ጽሑፉ ያለው አንጻራዊውን ቅናሽ ብቻ ከሆነና የሁለቱን ወገን ቁጥር ካላገኛችሁ፣ ራሳችሁ ገምታችሁ አትሙሉ። አጥኚውን ጠይቁ። መልስ ካልመጣ "ቀንሷል" በሉና ቁጥሩን ተዉት።

ደረጃ 3፦ ቃላቱን መርምሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ መውሰድም አለበት። ሦስት ቃላትን ላሳያችሁ።

*በዘፈቀደ።* ተሳታፊዎች በሁለት ወገን የተመደቡት ማንም ሳይመርጥ መሆኑን ለመግለጽ በጤና ትምህርት ቤት የለመድነው ቃል ይህ ነው። ከትምህርት ቤት ውጪ ግን "በዘፈቀደ" ማለት ያለ ጥንቃቄ፣ እንደመጣ ማለት ነው። ይህን ቃል የጻፍኩበት ወረቀት ሲነበብ አንድ አርሶ አደር በቁም ነገር "እናንተ በዘፈቀደ የሠራችሁትን እኛ ለምን እንመን?" ብለው ጠየቁኝ። ትክክል ነበሩ። "በዕጣ" በሉ። ዕጣ የመሬት ክፍፍልም የዕቁብም ቋንቋ ስለሆነ ማንም አድልዎ እንደሌለበት ያውቃል። በእርግጥ የጎልቤትን ምደባ የመሰለ ሥራ በወረቀት ቁራጭ ተጠቅልሎ አይደለም የሚወጣው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

*የቁጥጥር ቡድን።* ቃል በቃል የተመለሰ ነው። ሰው ሲሰማው "ፖሊስ የሚከታተላቸው" ወይም "ሌሎቹን የሚቆጣጠሩ" ይመስለዋል። ስም አትስጡ፤ የሆነውን ተናገሩ፦ "እንክብካቤውን ከአንድ ዓመት በኋላ የጀመሩት።" ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ግማሹ ሰው ሕክምና ተከለከለ ከሚለው ቅሬታ ያድናችኋል፤ ዘገየባቸው እንጂ አልተከለከሉምና።

*የሕመሙ መነሣት።* በጥናቱ የተቆጠረው እግሩ በድንገት ሲግል፣ ሲቀላና ሲያም፣ ሰውየውም ሲያተኩሰውና አልጋ ሲይዝ ነው። በእንግሊዝኛ ረጅም ስም አለው፤ በአማርኛ ፊደል ብንጽፈው ማንም አይረዳውም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ደብረ ሲና አካባቢ ለአንዲት እናት ሳነብላቸው ከግማሹ አቋረጡኝ። "ልጄ፣ ይህ እኮ ምች ነው። ምች ብትለው ሁሉም ይገባው ነበር" አሉኝ። ደስ አለኝና ልጽፈው እርሳሴን አነሣሁ። ከዚያ ምች ሲይዛቸው ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው። "ዳማከሴ አሽቼ አሸታለሁ፤ ይለቀኛል" አሉ።

እርሳሱን መለስኩት። ምች የሚለው ቃል በሰው አእምሮ ውስጥ የራሱ መነሻና የራሱ መድኃኒት ያለው ነው፤ ከፀሐይ ይመጣል፣ በቅጠል ይሄዳል። እግሩ ቆስሎ የተመረዘ ሰው ዳማከሴ እያሸተተ ቤቱ እንዲቀመጥ ምክንያት መሆን አልፈለግሁም። ቃሉን ጨርሶ ብጥለው ደግሞ ሰው የራሱን ሕመም አያውቀውም። የወሰንኩት እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ምልክቶቹን ጻፍኩ፤ ቀጥዬ "አንዳንድ ሰው ይህን ምች ይለዋል" አልኩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው "ሕመሙ ሲነሣ" በሚለው ብቻ ሄድኩ። የአካባቢ ቃል ስታገኙ ሁሌ "ሲይዛችሁ ምን ታደርጋላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቃሉ ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ የምታውቁት ከመልሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ዝሆኔ ስትጽፉ፣ ጎልቤት ያጠናው የዝሆኔ ዓይነት በቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ እንደሆነና ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ አንድ መስመር ስጡ። የተጋላጭነት ነገር በቤተሰብ እንደሚሄድ በሌሎች ጥናቶች ታይቷል፤ እኔ ግን እዚህ አልጽፈውም። ጎልቤት ያጠናው ይህን አይደለም፤ "በዘር ነው" የምትል አንዲት ቃል ደግሞ የአንዲትን ልጅ ጋብቻ ልታፈርስ ትችላለች።

ደረጃ 4፦ መልሱን አስቀድሙና ጻፉ

ሳይንሳዊ ጽሑፍ ከመግቢያ ጀምሮ ወደ ውጤት ይሄዳል። እናንተ ገልብጡት። ጥያቄ፣ መልስ፣ ምን እንደተደረገ፣ ምን እንደተገኘ፣ ምን እርግጠኛ እንዳልሆነ፣ አንባቢው ምን ያድርግ፤ በዚህ ቅደም ተከተል።

ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሩ። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ በ"የተባለው" እና በ"በመሆኑም" የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ሰሚው ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይጠብቃል። ከ15 ቃል ካለፈ ቁረጡት። ለቀኖችም ተጠንቀቁ። ጽሑፉ ተሳታፊዎች የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 2014 እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ነው ይላል። በእኛ ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 23 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ሳትቀይሩ "2014" ብላችሁ ብትተዉት አንባቢው በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ሰባት ዓመት ይሳሳታል።

ሥራው ሲያልቅ ይህን ይመስላል፦

> ዝሆኔ ያለበት ሰው እግሩን ቢንከባከብ ሕመሙ ይቀንስለታል?
>
> ይቀንስለታል፤ ግን ጨርሶ አይጠፋም።
>
> ይህ ዝሆኔ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሽታው ያለበት ሰው እግሩ አንዳንድ ጊዜ በድንገት ይግላል፣ ይቀላል፣ ያመዋል፤ ሰውየውንም ያተኩሰዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ምች ይለዋል። እዚህ ላይ "ሕመሙ ሲነሣ" እንለዋለን።
>
> በ2007 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም 696 አዋቂዎች በጥናቱ ለመሳተፍ ፈቀዱ። በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን እግሩን መታጠብ፣ ቆዳውን መንከባከብ፣ በፋሻ ማሰር፣ እግሩን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ወዲያው ጀመረ። ሌላው ወገን ይህንኑ ከአንድ ዓመት በኋላ ጀመረ።
>
> ወዲያው በጀመሩት ላይ ሕመሙ በዓመት ከ19 ጊዜ ትንሽ በላይ ተነሣ። ገና ባልጀመሩት ላይ 24 ጊዜ ያህል ተነሣ። ልዩነቱ ለአንድ ሰው በዓመት 4 ወይም 5 ጊዜ ነው። ይህ አማካይ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ብዙ፣ አንዳንዱ ጥቂት ለውጥ አይቶ ሊሆን ይችላል።
>
> ከእንክብካቤው የመጣ ከባድ ጉዳት በጥናቱ ጊዜ አልታየም። ጥናቱ ሁለቱን ወገን ያነጻጸረው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ተሳታፊዎቹም እንክብካቤውን እያገኙ መሆን አለመሆናቸውን ያውቁ ነበር።
>
> እግርዎ ያበጠ ከሆነ በአቅራቢያዎ ያለውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያነጋግሩ። እግርዎ ከጋለና ካተኮሰዎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ደረጃ 5፦ ደስ የማይለውን አትቁረጡ

በናሙናው ሁለተኛ መስመር ላይ "ግን ጨርሶ አይጠፋም" የምትለዋን ተመልከቱ። ይህችን እንድታወጡ ይነገራችኋል፤ "ሰው ተስፋ ይቆርጣል" ይባላል። አታውጡ። እንክብካቤውን እያደረጉ እንኳ ሕመሙ በዓመት ከ19 ጊዜ በላይ ተነሥቷል፤ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ ማለት ነው። ይህን ሳይነገረው የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ወር እግሩ ሲግል "ዋሹኝ" ብሎ ፋሻውን ይጥላል።

ጉዳትን በተመለከተ ሁለት የሚመሳሰሉ ዓረፍተ ነገሮችን ለዩ። "ጉዳት የለውም" ለሁሉም ሰው፣ ለሁሌም የተሰጠ ዋስትና ነው። "በጥናቱ ጊዜ አልታየም" ግን የታየውን ብቻ ይናገራል። ሁለተኛውን ጻፉ።

ተሳታፊዎቹ ያሉበትን ወገን ማወቃቸውም ለምን ጥናቱን እንደሚነካ በራሳችሁ አእምሮ አጥሩት። ፋሻ እግሩ ላይ ያሰረን ሰው ሕክምና አላገኘህም ማለት አይቻልም። እንክብካቤ እያገኘ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሕመሙ መነሣቱን ሲጠየቅ ትንሽ አሳንሶ ሊናገር ይችላል። ይህን ሁሉ በማጠቃለያው አትዘርዝሩት፤ አንድ መስመር ይበቃል። ሲጠይቋችሁ ግን መልስ ይኑራችሁ።

ደረጃ 6፦ አንብቡላቸውና መልሰው ይንገሯችሁ

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ያለ እሱ ግን ወረቀታችሁ መሥራት አለመሥራቱን አታውቁም።

1. ከሦስት እስከ አምስት ሰው ምረጡ። የጤና ሠራተኛ፣ የእናንተ ቤተሰብና መምህር አይሁኑ።
2. ለብቻ ለብቻ፣ ቀስ ብላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቡላቸው። ማንበብ የሚችል ራሱ ያንብብ።
3. "ገባችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ። እኛ አገር እንግዳን ላለማሳፈር "አዎ፣ በደንብ" ይባላል። ይልቁንስ "ይህን ዛሬ ማታ ለጎረቤትዎ ቢነግሩ እንዴት ይሉታል?" በሉ።
4. የተናገሩትን ሳታርሙ ጻፉ። ቢሳሳቱም ዝም በሉ፤ ስሕተቱ የእናንተ ወረቀት ነው።
5. ሁሉም ከተናገሩ በኋላ ትክክለኛውን አስረዷቸው። የተሳሳተ ነገር ይዘው እንዲሄዱ አትተዉ።

የሚመጣውን መልስ እንዴት እንደምትጠቀሙበት ልንገራችሁ። አንድ ሰው ብቻ የሳተውን ምልክት አድርጉና እለፉ፤ ሁለት ሰው በአንድ ቦታ ከሳተ ያንን ዓረፍተ ነገር እንደ አዲስ ጻፉት። "እግር መታጠብ ዝሆኔን ያድናል" ብለው ከመለሱ ችግሩ ያለው ከላይ ነው፤ "ግን" የምትለው መስመር ደብዝዛለች ማለት ነው። "24 ሰው ታሟል" ካሉ "ጊዜ" የሚለው ቃል ከቁጥሩ ርቋል፤ አቅርቡት። "ዕጣ ያልወጣላቸው ተበደሉ" ካሉ ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ መጀመራቸው አልተሰማም፤ ለብቻው ዓረፍተ ነገር ስጡት። ምንም ካልመለሱ፣ ዝም ካሉ፣ ጽሑፉ ረጅም ነው። ከመጨረሻው አትቁረጡ፤ ከመካከሉ ቁረጡ።

ደረጃ 7፦ ለአጥኚው መልሱ፣ ግን አብራችሁ ተቀመጡ

አጥኚው ቁጥሮቹንና ቀኖቹን ማረጋገጥ አለበት። ወረቀቱን በኢሜይል ብቻ ከላካችሁለት ግን "በዕጣ" ወደ "በዘፈቀደ"፣ "ቀንሷል" ወደ "ጉልህ ስታቲስቲካዊ ልዩነት አሳይቷል" ተለውጦ ይመለሳል። ይህ ከክፋት አይመጣም፤ በባልደረቦቹ ፊት ሳይንሱ እንዳይላላ ይፈራል።

ስለዚህ አብራችሁ ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ ለውጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "የእኔ አባባል ስሕተት ነው ወይስ ያልተለመደ ነው?" ስሕተት ከሆነ ያለ ክርክር አርሙ። ያልተለመደ ብቻ ከሆነ፣ በደረጃ 6 ሰዎቹ የተናገሩትን የጻፋችሁበትን ወረቀት አውጥታችሁ አንብቡለት። ያቺ የደብረ ሲና እናት ስለ ምች የተናገሩት ሲነበብ ብዕሩን ያላስቀመጠ አጥኚ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል እንኳ ከተለወጠ ለአንድ አዲስ ሰው እንደገና አንብቡ። ከወረቀቱ ግርጌ የጥናቱን ሙሉ ርዕስ፣ ማጠቃለያው የተጻፈበትን ቀንና የጻፈውን ሰው ድርሻ አስቀምጡ። በኋላ አዲስ ውጤት ሲወጣ ጤና ኬላ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የቱ እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው በዚያ ቀን ነው።